የልጅ ክንድ ሲሰበር፦ ሦስቱን የስብራት ዓይነቶች በራጅ ለመለየትና ሕክምናቸውን ለማነጻጸር

ልጅ ሲወድቅ መሬቱን በመዳፉ ለመቀበል እጁን ይዘረጋል። የሰውነቱ ክብደት በመዳፉ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከክርን እስከ እጅ አንጓ ያለው የክንድ ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ በአውራ ጣት በኩል ያለው ራዲየስ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ደግሞ አልና ይባላል። ተመሳሳይ የሚመስል አወዳደቅ በአንዱ ልጅ ላይ በሦስት ሳምንት የሚድን መጨማደድ፣ በሌላው ላይ ካልተቃና ጠማማ ሆኖ የሚቀር ግማሽ ስብራት፣ በሌላው ላይ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው የሚችል ሙሉ ስብራት ያስከትላል። ሦስቱም በራጅ ላይ የሚለዩት አንዳንድ ጊዜ በጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ የሕክምናቸው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ውሳኔው የሐኪሙ ቢሆንም፣ በእጁ ፊልም የያዘ ወላጅ የሚያየውን ቢያውቅ ምን መጠየቅ እንዳለበትና ልጁን መቼ መመለስ እንዳለበት ይረዳል።

ነጩና ጥቁሩ

ራጅ የአጥንት ፎቶግራፍ አይደለም፤ ጥላ ነው። ጨረሩ በክንዱ ውስጥ አልፎ በስተኋላ ባለው ፊልም ወይም መቀበያ ሰሌዳ ላይ ያርፋል። ጨረሩ ሳይከለከል የደረሰበት ቦታ ይጠቁራል፣ በመንገዱ ላይ የቀረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አጥንት የሚነጣው በውስጡ ያለው ካልሲየም ጨረሩን ስለሚውጠው ነው። ጡንቻና ደም ካልሲየም ስለሌላቸው ግራጫ ሆነው ይታያሉ፣ ስብ ከእነርሱ ትንሽ ይጠቁራል፣ አየር ጥቁር ነው፣ ብረት ደግሞ ከአጥንትም በላይ ይነጣል። ስለዚህ በተሰበረ ክንድ ዙሪያ በጡንቻው ውስጥ ትናንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ከታዩ አየር በቁስል በኩል ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ስብራት ቆዳው ላይ ያለው ቀዳዳ የመርፌ ቀዳዳ ቢያክል እንኳ ክፍት ስብራት ተብሎ በአስቸኳይ መታከም አለበት።

አጥንቱ ራሱም አንድ ዓይነት ነጭ አይደለም። የክንድ አጥንት ጠንካራ ቅርፊት ያለው ቱቦ ስለሆነ፣ በፊልሙ ላይ ጫፍና ጫፉ ሁለት ደማቅ ነጭ መስመሮች፣ መሐሉ ደግሞ መቅኔው ያለበት ግራጫ ሆኖ ይታያል። መሐሉ የሚደበዝዘው ጨረሩ ባዶ ቦታ ስላገኘ ሳይሆን፣ ጠርዙ ላይ በቅርፊቱ ርዝመት ስለሚጓዝ መሐሉ ላይ ግን ቅርፊቱን በስስ በኩል ብቻ ስለሚያቋርጥ ነው። ወደ እጅ አንጓ ሲቀርቡ ቅርፊቱ እየሳሳ ይሄዳል፣ ውስጡም እንደ ስፖንጅ ባለ ስስ የአጥንት መረብ ይሞላል። ፊልም የሚያነብ ሰው ዓይኑን በአጥንቱ መሐል አያሳርፍም፤ ከክርኑ ተነስቶ በአንዱ ነጭ ጠርዝ ላይ እስከ አንጓው ይወርድና በሌላው ጠርዝ ይመለሳል። ጤናማ ጠርዝ እርሳስ ሳይነሳ እንደተሳለ መስመር ለስላሳ ነው። መስመሩ የተቋረጠበት፣ የጎበጠበት ወይም ያበጠበት ቦታ መመርመር አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስብራት ሁልጊዜ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል ብሎ ሲያስብ ነው። ሁለቱ የአጥንት ክፍሎች ሲራራቁ በመሐላቸው ደም ስለሚገባና ደም ከአጥንት ያነሰ ጨረር ስለሚውጥ እውነትም ጥቁር መስመር ይታያል። ነገር ግን ክፍሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ከተደራረቡ ወይም አንዱ ወደ ሌላው ከተሰገሰገ፣ ጨረሩ እጥፍ አጥንት ማቋረጥ ስለሚኖርበት በስብራቱ ቦታ የሚታየው ከአካባቢው የነጣ ቀበቶ ነው። አንድ ወላጅ «ጥቁር መስመር የለም፣ አልተሰበረም» ብሎ ፊልሙን አጥፎ ሲያስቀምጥ፣ ስብራቱ በዚያ በነጣው ቀበቶ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ ስብራት ያልሆነ ጥቁር መስመር አለ። በልጅ አጥንት ጫፍ አጠገብ ቁመት የሚጨምርበት የማደጊያ መስመር ይገኛል፤ ይህ ክፍል ካልሲየም የሌለው ለስላሳ አጥንት ስለሆነ በፊልሙ ላይ ጠቁሮ ይታያል። የራዲየስ ጫፍ በአንጓው በኩል በአንድ ዓመት ዕድሜ አካባቢ መታየት ይጀምራል፤ የአልና ጫፍ ግን ስድስት ዓመት ገደማ ይቆያል። ስለዚህ በአራት ዓመት ልጅ ፊልም ላይ የአልና ጫፍ የጎደለ ቢመስል የሚያስደነግጥ አይደለም። የማደጊያ መስመር ሁልጊዜ በሚታወቅ ቦታ ላይ፣ በአጥንቱ ስፋት ሙሉ፣ ለስላሳና ነጣ ባለ ጠርዝ ታጅቦ ይገኛል። የአዲስ ስብራት ጠርዝ ሹልና ያልተስተካከለ ነው፣ ነጭ ድንበርም የለውም። መስመሩ ራሱ ሊሰበርና ሊንሸራተት እንደሚችል ግን መታወስ አለበት፤ በዚያ ቦታ ላይ በጣት ሲጫኑት የሚያም ከሆነ፣ ፊልሙ ጤናማ ቢመስልም ሐኪሙ እንደተጎዳ ቆጥሮ ያክመዋል።

ፊልሙ ሙሉ ካልሆነ ንጽጽሩ አይሠራም

አንድ ፊልም የአንድ አቅጣጫ ጥላ ነው። ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የጎበጠ አጥንት ከፊት ሲያዩት ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ጉብጠቱ የሚገለጠው ከጎን ሲነሳ ነው። ስለዚህ ክንድ ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ፣ ከፊትና ከጎን፣ በ90 ዲግሪ ልዩነት መነሳት አለበት። ሁለተኛው ግዴታ ክርኑና አንጓው ሁለቱም በፊልሙ ውስጥ መግባታቸው ነው። ራዲየስና አልና ላይና ታች በመገጣጠሚያ ስለተያያዙ እንደ ቀለበት ናቸው፤ ቀለበት አንድ ቦታ ተሰብሮ ከተጣመመ ሌላ ቦታም ይላቀቃል። አልና ብቻውን ተሰብሮ አጥሮ ወይም ጎብጦ ከታየ፣ የራዲየስ ራስ በክርኑ ላይ ከቦታው ወጥቶ እንደሆነ መታየት አለበት። በመጀመሪያው ቀን ሳይታይ ያለፈ የክርን ውልቃት ከሳምንታት በኋላ ሲገኝ ሕክምናው እጅግ ይከብዳል፤ እኔም ከሁሉ በላይ ትኩረት እንዲሰጠው የምፈልገው ይህን ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በራዲየስ አንገት መሐል የሚሰመር መስመር ወደ ላይ ሲቀጥል፣ በየትኛውም አቅጣጫ በተነሳ ፊልም ላይ፣ በላይኛው ክንድ አጥንት ጫፍ ያለውን ክብ እምቡጥ መሐል ለመሐል መምታት አለበት።

ሦስቱ ስብራቶች

የአዋቂ አጥንት እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የልጅ አጥንት ግን እንደ እርጥብ አርጩሜ ነው፤ መጀመሪያ ይጎብጣል፣ ከዚያ በአንድ ወገን ይቀነጠሳል፣ ሙሉ በሙሉ የሚሰበረው ኃይሉ ሲበዛ ነው። በዙሪያው ያለው ሽፋንም ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ክፍሎቹን አያይዞ ያቆያል።

የመጀመሪያው ሐኪሞች «ባክል» ወይም «ቶረስ» የሚሉት የመጨማደድ ስብራት ነው። ባዶ ጣሳ ከላይ ሲጫኑት ጎኑ ተጨማዶ እንደሚያብጥ፣ አጥንቱም በቁመቱ ሲጨመቅ ስስ ቅርፊቱ በአንድ ቦታ ወደ ውጭ ያብጣል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከራዲየስ የማደጊያ መስመር ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ክርን አልፎ፣ በአይበሉባው ወገን ነው። ከፊት በተነሳ ፊልም ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ከጎን በተነሳው ላይ ነጩ ጠርዝ ትንሽ ጉብታ ይሠራል፤ የመዳፉ ወገን ጠርዝ ግን ሳይቋረጥ ያልፋል። ይህ ሁለተኛው ጠርዝ ጤነኛ መሆኑ የፍርዱ ቁልፍ ነው። ጉብታው ትንሽ ቢሆንም ፊት ለፊቱ ያለው ጠርዝ ከተሰነጠቀ ስብራቱ ከቀላሉ ወገን ይወጣል፤ ስህተትም የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

እውነተኛ የመጨማደድ ስብራት የተረጋጋ ነው፤ አይንሸራተትም። ሦስት ሳምንት ገደማ በሚወልቅ ድጋፍ መያዝ ይበቃዋል፣ ሙሉ ጀሶም አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ በዩናይትድ ኪንግደም 23 ሆስፒታሎች ውስጥ 965 ልጆችን ያሳተፈ ጥናት ለስላሳ ፋሻ የተሰጣቸውንና በጠንካራ ድጋፍ የታሰሩትን አነጻጽሮ፣ በሦስተኛው ቀን በነበራቸው ሕመምም ሆነ በቀጣዮቹ ስድስት ሳምንታት በእጃቸው አጠቃቀም ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ሐኪም ይህን ስብራት አይቶ ቀላል ድጋፍ ብቻ ቢያዝ ቸል ማለቱ አይደለም።

ሁለተኛው ግማሽ ስብራት ወይም «ግሪንስቲክ» የሚባለው ነው። አጥንቱ ሲጎብጥ በተለጠጠው ወገን ያለው ቅርፊት ይቀነጠሳል፣ በታጠፈው ወገን ያለው ግን ጎብጦ ሳይበጠስ ይቀራል። በፊልሙ ላይ አንዱ ነጭ ጠርዝ በጥቁር ክፍተት ተቋርጦ፣ ክፍተቱም ወደ አጥንቱ መሐል ገብቶ ሲያበቃ፣ በተቃራኒው ያለው ጠርዝ ታጥፎ ግን ተያይዞ ይታያል። ወላጆች «ሙሉ በሙሉ አልተሰበረም» ሲባሉ እፎይ ይላሉ፤ ይሁን እንጂ ያልተበጠሰው ወገን እንደ ጎበጠ አርጩሜ አጥንቱን ወደ ጠማማው አቅጣጫ መልሶ የመሳብ ጠባይ አለው። ስለዚህ ይህ ስብራት ቀላል ቢመስልም በጀሶ ውስጥ ቀስ በቀስ ሊጣመም ይችላል። ጉብጠቱ ከልኩ ካለፈ ልጁ ማደንዘዣ ወይም ማስታገሻ ተሰጥቶት አጥንቱ ይቃናል፣ ከዚያ ስድስት ሳምንት ያህል በጀሶ ይቆያል፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻም ራጅ ይደገማል።

ሦስተኛው ሙሉ ስብራት ነው፤ ሁለቱም ጠርዞች ተቋርጠዋል፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱም አጥንቶች አብረው ይሰበራሉ። መስመሩ አግድም ከሆነ ክፍሎቹ ከተገጣጠሙ በኋላ ጫፍ ለጫፍ ስለሚደጋገፉ መያዝ ይቀላል፤ ሰያፍ ከሆነ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ክንዱን ያሳጥራል። በዚህ ዓይነት ላይ ሌላው የሚያሳስበው መጠምዘዝ ነው፤ እርሱም በፊልም ላይ በቀላሉ አይታይም። ምልክቱ በስብራቱ ቦታ ላይ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ስፋት ወይም የቅርፊታቸው ውፍረት አለመመጣጠኑ ነው። ጉብጠት ከዕድገት ጋር ሊቃና ይችላል፣ መጠምዘዝ ግን እንዲቃና አይጠበቅም፤ ልጁ ከዳነ በኋላ መዳፉን ወደ ላይ መገልበጥ ሊያቅተው ይችላል። ክፍሎቹ በእጅ ተመልሰው ካልጸኑ በቀጭን ታጣፊ የብረት ዘንግ ከውስጥ ይያዛሉ። በአዋቂ ላይ የተንሸራተተ የሁለቱ አጥንቶች ስብራት በብረት ሰሌዳና ብሎን የሚታሰረው አዋቂ አጥንቱን የሚያቃናለት ቀሪ ዕድገት ስለሌለው ነው።

ከሦስቱ ውጭ አጥንቱ አንድም መስመር ሳይታይበት በሙሉ ርዝመቱ የሚጎብጥበት ጊዜም አለ። ይህን የሚያሳየው የአጥንቱ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ጥርጣሬ ሲኖር ጤነኛው ክንድ ተነስቶ ይነጻጸራል።

ስንት ዲግሪ ይበዛል?

ጉብጠት የሚለካው ከስብራቱ በላይና በታች በአጥንቱ መሐል አንዳንድ ቀጥ ያለ መስመር በማስመርና ሁለቱ የሚፈጥሩትን ማዕዘን በማንበብ ነው። በመሐል ክንድ ላይ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ልክ ከዘጠኝ ዓመት በታች እስከ 15 ዲግሪ፣ ከዚያ በላይ እስከ 10 ዲግሪ ነው። በአንጓው አጠገብ ያለ ጉብጠት የበለጠ ይታለፋል፤ ምክንያቱም የራዲየስ ቁመት ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚጨመረው በአንጓው በኩል ካለው የማደጊያ መስመር ስለሆነ፣ ከእርሱ ጋር የተጠጋው ጉብጠት በሚመጡት ዓመታት ይቃናል። የ13 ዓመት ልጅና የ6 ዓመት ልጅ ተመሳሳይ ፊልም ይዘው ቢመጡ ውሳኔው የተለያየ መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው።

አንድ ምሳሌ እንከተል። የስምንት ዓመት ልጅ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ክንዱ አብጦ መጣ እንበል። በመጀመሪያ የተነሳው አንጓውን ብቻ ከፊት የሚያሳይ ፊልም ነበር፤ በፊልሙ ዳር ላይ ራዲየስን የምታቋርጥ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር ትታያለች፣ አጥንቱ ግን ቀጥ ያለ ነው። በዚህ ፊልም ብቻ ቢወሰን ልጁ በድጋፍ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ሙሉው ክንድ ከፊትና ከጎን ሲነሳ ስብራቱ በራዲየስ መሐልና ታችኛው ሲሶ መገናኛ ላይ ሆኖ ተገኘ። ከጎን ሲታይ የመዳፉ ወገን ጠርዝ ተበጥሶ ተከፍቷል፣ የአይበሉባው ወገን ጠርዝ ታጥፏል እንጂ አልተበጠሰም፤ ስለዚህ ግማሽ ስብራት ነው። አልና ላይ በአይበሉባው በኩል ትንሽ ጉብታ አለች፣ ፊት ለፊቷ ያለው ጠርዝ ጤነኛ ነው። በክርኑ ላይ የራዲየስ መስመር እምቡጡን መሐል ለመሐል ይመታል፤ ውልቃት የለም። የራዲየስ ጉብጠት ሲለካ 24 ዲግሪ ሆነ። ለስምንት ዓመት ልጅ በዚህ ቦታ 15 ዲግሪ ልክ ስለሆነ መቃናት ያስፈልገዋል።

ከተቃናና ጀሶ ከተደረገ በኋላ በተነሳው ፊልም ጉብጠቱ 4 ዲግሪ ነው። በዚህ ጊዜ ጀሶውም ራሱ ይነበባል። ክንድ ጠፍጣፋ እንጂ ክብ ስላልሆነ ጀሶው ክንዱን ከአይበሉባና ከመዳፍ ወገን ጨብጦ መያዝ አለበት። በስብራቱ ቦታ የጀሶው የውስጥ ስፋት ከጎን ሲለካ 4.8 ሴንቲሜትር፣ ከፊት 6.5 ሴንቲሜትር ሆነ እንበል፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 0.74 ይመጣል። ይህ ቁጥር ከ0.8 ሲበልጥ ጀሶው እንደ ቧንቧ ክብ ሆኗል ማለት ነውና አጥንቱ በውስጡ የመንሸራተት ዕድሉ ይጨምራል። በመጀመሪያው ሳምንት እብጠቱ ጎድሎ ጀሶው ሲላላ ጉብጠቱ 9 ዲግሪ ደረሰ፣ በሁለተኛው ሳምንት 11 ሆነ። አካሄዱ ወደ መጣመም ቢሆንም ፍጥነቱ ቀንሷል፣ ከ15ም በታች ነው፤ በሁለተኛው ፊልም ላይም በስብራቱ ዙሪያ ደብዛዛ ነጭ ደመና መታየት ጀምሯል። ይህ ደመና ካልሲየም እየገባበት ያለ አዲስ አጥንት ነው። ስለዚህ ጀሶው እንዳለ ይቀጥላል። በአንደኛው ሳምንት 18 ዲግሪ ደርሶ ቢሆን ኖሮ፣ አዲሱ አጥንት ሳይጠና እንደገና ማቃናት ይቻል ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ያው ሥራ በጣም ይከብዳል። «ልጁ አያመውም» ብሎ የሳምንቱን ቀጠሮ ማስቀረት ይህን ዕድል ማሳለፍ ነው፤ አጥንቱ ሲጣመም ሕመም ላይኖረው ይችላልና።

ፊልሙ የማያሳየው

በተሰበረ ክንድ ላይ ከመጣመም የሚከፋው ጉዳት በራጅ ላይ ምንም ምልክት የለውም። ጡንቻው በጠባብ ሽፋን ውስጥ ሲያብጥ፣ ወይም ጀሶ ወይም ማሰሪያ ከውጭ ሲያጣብቀው፣ የደም ዝውውሩ ይቋረጣል፤ ጡንቻውም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለዘለቄታው ይጎዳል። በአገራችን ወጌሻ ክንዱን በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ካሰረው በኋላ ጣቶች ጠቁረው ሆስፒታል የደረሱና እጃቸው እስከ መቆረጥ የሄዱ ልጆች ነበሩ። ወጌሻ ጋ የሚኬደው በቅርብ ስለሚገኝና ስለሚታመን መሆኑን አውቃለሁ፤ የሚጎዳውም አስቦ አይደለም። ችግሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክንዱ ገና እያበጠ ስለሆነ፣ ጠዋት ልክ የነበረ ማሰሪያ ማታ የሚያንቅ መሆኑ ነው። የሆስፒታል ጀሶም እንዲሁ ሊያንቅ ይችላል።

ምልክቱ በማስታገሻ የማይበርድና እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ ጣቶቹን ቀስ ብለው ሲያቃኑለት የሚያስጮህ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የጣቶች መቀዝቀዝ ወይም መገርጣት ነው። ከእነዚህ መጀመሪያ የሚመጣው ሕመሙ ነው፤ ጣቶቹ እስኪቀዘቅዙና እስኪገረጡ መጠበቅ መዘግየት ነው። እንዲህ ሲሆን እስኪነጋ ሳይጠበቅ፣ ሌላ ራጅም ሳይታሰብ፣ ማሰሪያው ተፈትቶ ወይም ጀሶው እስከ ቆዳው ድረስ ተሰንጥቆ ሐኪም ማየት አለበት። ጀሶው ሲከፈት አጥንቱ ትንሽ ቢንሸራተት እንደገና ይቃናል፤ የሞተ ጡንቻ ግን አይመለስም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ በምሳሌው ልጅ ፊልም ላይ ደመናው ደምቆና ጠርዝ አውጥቶ ሁለቱን ክፍሎች ድልድይ ሆኖ ያያይዛቸዋል። ጥቁሩ መስመር ግን በስሱ ሊቀር ይችላል። በመሐል ክንድ ላይ የደረሰ ግማሽ ስብራት የተቀነጠሰው ወገን ዘግይቶ ስለሚሞላ፣ ጀሶው ከተነሳ በኋላ በነበረበት ቦታ ዳግም ሊሰበር ይችላል። ሐኪሙ ጀሶውን ሲያወልቅ የሚያየው ከሁለቱም አቅጣጫ ከአራቱ ጠርዞች ቢያንስ ሦስቱ በአዲስ አጥንት መያያዛቸውን ነው። የተከፈተው የመዳፉ ወገን ገና ጥቁር ክፍተት ካለው፣ ልጁ ተጨማሪ ጥቂት ሳምንታት በሚወልቅ ድጋፍ ይቆያል፣ ዛፍ መውጣቱና ኳሱም እስከዚያ ይቀመጣል።